ለቅሶ ላይ ነኝ፣ አትደውይልኝ

ተረፈች ሕልም ሳታይ አድራ አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከደጇ አንስቼ ሱሉልታ ዳር ወዳለው የውኃ ፋብሪካችን ሳደርሳት፣ አንድ ቀን እንኳ «ዛሬስ ባዶ አደርኩ» ብላኝ አታውቅም። መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ትዘጋለች፤ «አካም ቡልቴ ደቻሳ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ትለኛለች፤ ከዚያ ትጀምራለች። ወንዝ ወደ ላይ ሲፈስ አየሁ፣ የሞተች አክስቴ ስንዴ ስታሰጣ አየሁ፣ በግ አናገረኝ። እኔ ደግሞ እፈታለሁ። ማን ፈቺ አደረገህ በሉኝ! ሾፌር ነኝ፣ ሌላ ሥራ የለኝም፣ አፌ ይበላኛል።

የሱሉልታን የጥቅምት ጠዋት ያላየ ሰው ይኼን ነገር አይረዳውም። ሜዳው ላይ ጭጋግ ይተኛል። መብራት አብርቼ በዝግታ ስሄድ መጀመሪያ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያ ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ሦስት፣ አራት ሆነው በመስኮታችን በኩል አልፈው መልሰው ይጠፋሉ። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም። ተረፈች መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋ ሕልሟን የምትነግረኝ ያኔ ነው፤ የቱ ሕልሟ እንደሆነና የቱ መንገዱ እንደሆነ አንዳንዴ ለእኔም ይምታታብኛል።

ቢሮ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት። የክፍያ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ለዕቃ አቅራቢዎች የሚከፈለው ገንዘብ ሁሉ በእጇ ያልፋል። መጀመሪያ የተቀጠረችው በገንዘብ ያዥነት ነበር። ገንዘብ የሚነካ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ይኼ የታወቀ ነው። እኔ እንኳን ለአንድ አሮጌ መኪና የሚስቴን ወንድም ነው የጠራሁት። ተረፈች አባቷ ሞቶባት፣ ወንድም የላት፣ ማንን ትጥራ? ጎረቤታቸው ኦቦ ባጫ ናቸው የቤታቸውን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው የመጡት። አምስት ልጅ ያሳደጉበት ቤት ነው፤ ከእሱ ሌላ ንብረት የላቸውም። «አባቷ በአንድ ክረምት በሬውን አውሶኛል» አሉ፣ ፈረሙ፣ ካርታውን ለፋብሪካው አስረክበው ሄዱ። እሷ ወደ ቢሮ አድጋም ካርታው ከካዝናው አልወጣም።

እንግዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ያየሁትን በዓይኔ፣ ያላየሁትን ከራሷ አፍ ነው።

ሰበታ ውስጥ ፕሪፎርም የሚያቀርብልን ፋብሪካ አለ። ፕሪፎርም ማለት ጠርሙሱ ከመነፋቱ በፊት ያለችው ጣት የምታህል ፕላስቲክ ናት። የዚያ ፋብሪካ የሒሳብ ሰው ሉቃስ ይባላል፤ የደቡብ ልጅ ነው። ስድስት ዓመት በስልክ ሲሠሩ አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም። ስልኩን ሲዘጋ ሁልጊዜ «ጌታ ይባርክሽ» ይላታል። እሷም ስለ እናቱ ትጠይቀዋለች፤ እናቱ ታመው እሱ ዘንድ ነበሩ።

ያን ሳምንት የሉቃስ እናት አረፉ። ኢሜል ለጻፈለት ሁሉ ራሱ የሚመለስ መልስ አስቀምጦ ነበር፦ «እናቴ ስላረፈች እስከ ሰኞ ቢሮ አልገባም» የሚል፤ ለተረፈችም ደርሷታል። ሐሙስ ዕለት ግን ከሉቃስ አድራሻ ለተረፈች ኢሜል መጣ። ሲጻጻፉበት በነበረው መልእክት ሥር ነው የመጣው፤ አዲስ ነገር አይመስልም። ደረሰኙ ያው ነው፣ የዕቃው ብዛት ያው፣ አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ አርባ ሺህ ብር፣ እሱም ያው። የተለየው የባንክ ሒሳቡ ብቻ ነው። አብሮ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተያይዟል፦ የቀድሞው ሒሳባችን ኦዲት ላይ ስለሆነ ከአሁን በኋላ በዚህ ይከፈለን። ከታች ደግሞ፦ «ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ስልክ ማንሳት አልችልም፤ አትደውይልኝ፤ ብቻ እስከ ነገ ቢላክልን»።

ደንብ አለ። ሒሳብ ተቀይሯል ሲባል፣ ቀድሞ በምናውቀው ስልክ ደውሎ የሰውዬውን ድምፅ ሰምቶ ማረጋገጥ ነው። ተረፈች ይኼን ደንብ ለሌሎች የምታስተምር ሴት ናት! ስልኩን አንስታ ነበር። አንስታ አስቀመጠችው። እናቱን ትናንት የቀበረ ሰው ላይ ደውሎ «የባንክ ቁጥራችሁ ስንት ነው?» ይባላል? በስልክ «ያጽናህ» ብሎ መገላገልም ደግሞ ቀለለባት፤ ስድስት ዓመት አብረው የሠሩት ሰው ለቅሶ በአካል ነው የሚደረሰው። እኔስ ብሆን እደውል ነበር? አልደውልም። እውነቱን ልናገር።

ስለዚህ ምን አደረገች? በዚያው ኢሜል መለሰችለት። ራሷ ናት ያነበበችልኝ። «ወንድሜ ሉቃስ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። እናት አንድ ናት። ስለ ሥራው አታስብ። አዲሱ ሒሳብ ትክክል መሆኑን ብቻ አንድ ቃል ጻፍልኝ፣ ሌላ አላስቸግርህም።» መልሱ አምስት ደቂቃ አልቆየም። «አዎ እህቴ፣ ትክክል ነው። ስላጽናናሽኝ አመሰግናለሁ። ነፍሷን ይማርልኝ፣ አንቺንም ክፉ አይንካሽ።» ተረፈች ይኼን አንብባ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ዓርብ ጠዋት ጭጋጉ ከሌላው ቀን የባሰ ነበር። «ደቻሳ፣ ዛሬ ያየሁት ደግሞ ይገርማል» አለችኝ። «የማውቀው ቤት ሄድኩ። ግቢው ያው፣ ግድግዳው ያው፣ ውሻው እንኳ ያው። ደጁ ግን ዞሮ በጓሮ በኩል ሆኗል። በአዲሱ ደጅ ገባሁ፤ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፤ ከውስጥ ግን ደህና ዋልሽ ይሉኛል።»

«ደጁ የዞረ ቤት ሀብት ነው» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው! አፌን ቁርጥ ያድርገው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ፤ እኔ ፈታሁት።

ያን ዕለት የክፍያውን ደብዳቤ አዘጋጀች። ዕቃው በእውነት መጋዘን ገብቷል፣ ትዕዛዙ አለ፣ ደረሰኙ አለ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አለ። ሁለቱ ፈራሚዎች ምን አይተው እምቢ ይበሉ? ፈረሙ። ደብዳቤውን ወደ ባንክ ያደረሰው ደግሞ ማን መሰላችሁ? እኔው ነኝ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ በእነዚህ እጆቼ መስኮቱ ላይ አኖርኩት፤ ገንዘቡ ከሰዓት አዲሱ ሒሳብ ወዳለበት ሌላ ባንክ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ ለመድረስ ወደ ሰበታ ተነሣን። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ፊት ወንበር ተቀመጠች። እንጦጦን ስንወርድ ፀሐዩ ከታች ያለውን ጭጋግ ያበራው ነበር፤ አዲስ አበባ ከሥሩ ተኝታ አትታይም። አየር ጤናን አልፈን ዓለም ገና ስንደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለቤቴ ጣቢታ እንደ ሉቃስ ጴንጤ ናት፤ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተቆጥታኛለች።

«ስሚ» አልኳት፤ «እዚያ ስትገቢ ነፍስ ይማር እንዳትዪ። ጴንጤዎች ለሞተ ሰው አይጸልዩም፣ አይሉም። ያጽናችሁ ብቻ በይ።»

«አውቃለሁ» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እሱ ግን ራሱ ነፍሷን ይማርልኝ ብሎ ጻፈልኝ እኮ።»

«ማን? ሉቃስ? አይልም።»

«ጽፏል አልኩህ።»

«ጣቢታ እናቷ ሲሞቱ አጎቴ ነፍስ ይማር ቢላት፣ በለቅሶ መሀል ነው ቆማ ያረመችው። የጴንጤ ልጅ በእናቱ ለቅሶ? አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ ሰው አምታተሽ ይሆናል።»

ስልኳን አወጣች፤ ኢሜሉን ከፈተች። አንድ ጊዜ አነበበች፣ ሁለተኛ አነበበች። በጎን ሳያት ከንፈሯ ነጥቷል። «ስድስት ዓመት ጌታ ይባርክሽ ሲለኝ» አለች በቀስታ፣ «አንድ ቀን እግዜር እንኳ ብሎኝ አያውቅም።» ከዚያ እጇን በሁለት ጉልበቷ መሀል ሰክታ፦ «ደቻሳ፣ የኦቦ ባጫ ካርታ» አለችኝ። እኔ ነዳጁን ረገጥኩ።

ለቅሶው ቤት ድንኳን ተጥሏል፤ ዘማሪዎች ዝግ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። ድንኳኑ ሰማያዊ ስለነበር ሰው ሁሉ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ሉቃስ መሀል ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ ጢሙን ያልተላጨ ልጅ። ተረፈች ፊቱ ስትቆም አላወቃትም። «ተረፈች ነኝ፣ ከሱሉልታ» ስትለው ተነሥቶ አቀፋት። ስድስት ዓመት በድምፅ የሚያውቃት ሴት ደርሳለች፤ አለቀሰ።

እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች። ለመናገር አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሰው ሁሉ ያያታል። ትጠይቀው? በዚህ ድንኳን፣ በዚህ መዝሙር መሀል፣ ስለ ገንዘብ? ቢሮዋ ውስጥ ሆና ልትደፍረው ያልቻለችውን ነውር እዚህ ሰው ፊት ልትፈጽመው ነው። ቸኩዬ ልናገርላት ነበር፤ ደግነቱ አልተናገርኩም።

«ሉቃስ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለች። «ሐሙስ ኢሜል ልከህልኝ ነበር? የባንክ ሒሳብ ተቀይሯል ብለህ?»

«እኔ?» አለ። «እማዬን ከቀበርን ጀምሮ ስልኬን እንኳ አልከፈትኩም። የምን ሒሳብ?»

ተረፈች ኢሜሉን ከፍታ ስልኳን ዘረጋችለት። ሉቃስ ፊቷን አየ። የሒሳብ ሰው ነውና ሁሉም ገባው። ጋቢውን እንደለበሰ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይዘው «የት ነው የምትሄደው አንተ ልጅ? ለቅሶ ጥለህ?» ሲሉት፣ «አባባ፣ እማዬ ትረዳኛለች» ብሏቸው ወጣ። ለሱ ሐዘን ብላ ስልክ ያልደወለችለት ሰው የእናቱን ለቅሶ ጥሎላት ወጣ። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

መኪና ውስጥ ሆነው ሁለቱም ስልክ ላይ ናቸው። እሷ ሥራ አስኪያጃችንን፣ እሱ የራሱን አለቃ። የባንካችን ቅርንጫፍ ሰበታም አለ፤ ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ወደዚያው ነዳሁ። የሉቃስ አለቃ «ይኼ ሒሳብ የእኛ አይደለም» የሚል ደብዳቤ በእውነተኛው ማኅተም ይዞ ደረሰ፤ የእኛው ሥራ አስኪያጅም ክፍያው ማጭበርበር ነው፣ ይታገድልን ብሎ ጻፈ። የባንኩ ሰዎች ከዋናው መሥሪያ ቤታቸው፣ እነሱም ከሌላኛው ባንክ ጋር ተደዋወሉ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሒሳቡ ታገደ። የቀረው ገንዘብ ተገኘ። ዓርብ ማታ ግን ሦስት መቶ አርባ ሺህ ወጥቶ ሄዷል። ሒሳቡ የተከፈተው የሰበታውን ፋብሪካ ስም በሚመስል የንግድ ስም ነው፤ ለፖሊስ ብናመለክትም ከፋቹ እስካሁን አልተያዘም።

በኋላ የኮምፒውተር ባለሙያ መጥቶ ነገሩን አወቅን። ሉቃስ እናቱን ሆስፒታል ሲያስታምም «የመልእክት ሣጥንህ ሞልቷል፣ የይለፍ ቃልህን አስገባ» የሚል ኢሜል መጥቶለት፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ አስገብቷል። ሌባው ሣጥኑ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ሲያነብ ከርሟል። ማን ለማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍል፣ እናቱ መቼ እንደሞቱ ሁሉን ያውቃል። የተረፈች መልእክት ሲመጣ ሉቃስ ወደማያየው ጥግ እንዲሄድ አድርጎ ነበር። ማኅተሙንም ከቆየ ደብዳቤ ላይ ነው ያነሣው። እንግዲህ «ያጽናህ» ያለችው ሌባውን ነው። ሌባው ነው «ክፉ አይንካሽ» ብሎ የመለሰላት። ተረፈችን ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠላት ይኼ ነው፤ «መልካም ቃሌን ሰረቀኝ» ትል ነበር።

ሁለቱ ፋብሪካዎች ሲጨቃጨቁ ሰንብተው ኪሳራውን እኩል ተካፈሉ። የእኛ አስተዳደር ደግሞ «ደንቡን ጥሰሻል፤ መቶ ሰባ ሺውን ትከፍያለሽ፤ እስክትጨርሺ የዋስሽ ካርታ አይወጣም፤ ካልከፈልሽ በዋስሽ ላይ ክስ እንመሠርታለን» አላት።

ያን ቀን ከሥራ ስትወጣ፣ «ኦቦ ባጫ ጋ ውሰደኝ፤ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙ» አለችኝ። ሽማግሌው አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«የልጁ እናት» አሉ ሽማግሌው፣ «ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ስድሳ ስምንት አባ።»

«ከእኔ ታንሳለች» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። «አንቺን አልቆጣም። ግን ስሚኝ፤ እኔ ሰማንያ አልፌያለሁ። ካርታዬን ሳላይ እንዳልሞት። ልጆቼ ቤት አለን ብለው ቀብረውኝ፣ በማግስቱ የፍርድ ቤት ወረቀት እንዳይጠብቃቸው።»

«እርስዎን አላሳፍርም አባ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሕልም መናገር ተወች። ጠዋት ጠዋት ሯጮቹ ከጭጋግ ብቅ ብለው ይጠፋሉ፤ እሷ መስኮቱን አታወርድም። እኔም «ምን አየሽ?» ብዬ አልጠይቃትም፤ ያቺን ደጅ የፈታሁ ሰውዬ ነኛ! ከደመወዟ ታስቆርጣለች፣ ቅዳሜና እሑድ የሰው ሒሳብ ትሠራለች። በስምንተኛው ወር ዕቁቧ ላይ ዕጣው የወጣላት ሴት «የእኔን አንቺ ውሰጂ» ብላ ለቀቀችላት። ከፈለች። ካርታውን ከነአሮጌ ፌስታሉ አውጥተው ሰጧት። የዚያን ዕለት በሰማንያ ነው የነዳሁት፣ በዚያ መንገድ! ኦቦ ባጫ አልጋ ላይ ነበሩ። ካርታውን ዘርግተው በጣታቸው ዳር ዳሩን ዳሰሱት፤ ከዚያ ትራሳቸው ሥር አስገቡት። በሦስተኛው ሳምንት አረፉ።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተረፈች ከሴት ልጆቻቸው ጋር ተቀምጣለች፤ ኢሜሏ ላይ እንደ ሉቃስ «ለቅሶ ላይ ነኝ» የሚል ራሱ የሚመለስ መልስ አስቀምጣ መጥታለች። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ ሙሾ ይወርዳል፤ እሷ ግን ደርቃ ቀርታለች፤ አንድ ጠብታ የለም። ፈራሁላት። በዚህ መሀል ስልኳ ጮኸ። ድንኳኑ ፀጥ አለ። አንዲት ባልቴት «ምን ዓይነት ዘመን ነው እናንተ!» አሉ። ተረፈች ስልኩን አየችው፤ የቢሮው ነው። አነሳችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩና እሷ በሌለችበት ቢሮ የምትተካት ልጅ፣ የኤዶም ድምፅ ይሰማኛል።

«እትዬ፣ እግዜር ያጽናሽ፤ ለቅሶ ላይ እንደሆንሽ አውቃለሁ፣ በጣም ይቅርታ» ትላለች ልጅቷ በፍርሃት። «ከአንቺ ኢሜል መጥቶልኝ ነው። የጠርሙስ ክዳኑን ክፍያ በአዲስ ሒሳብ ዛሬውኑ ላኪ ይላል። ለቅሶ ላይ ነኝ፣ አትደውይልኝ ይላል። ደወልኩ።»

ተረፈች ዓይኗን ጨፈነች። «እኔ አልጻፍኩም» አለች። «እንዳትነኪው። ለሥራ አስኪያጁ አሁኑኑ ንገሪ። እንኳን ደወልሽ የኔ ልጅ። እንኳን ደወልሽ።»

ስልኩን ዘጋች፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ድምፅ አውጥታ፣ ደረቷን እየመታች፦ «አባ ባጫ፣ ደወለች እኮ! አባዬ፣ ደወለችልኝ እኮ!» እያለች አለቀሰች። ሴቶቹ ማን እንደደወለ አያውቁም፤ ግን ተቀብለው አብረዋት አለቀሱ።